የዋሌት 12 ቃላት ስርቆት፦ የቅዳሜ ስብሰባ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ አባላት። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ደሴ ፒያሳ በተለመደው ካፌ የምንገናኘው ስለ ዋሌት ማስመለሻ ቃላት ስርቆት ነው።

አንድ አባላችን እዚሁ ቡድን ላይ «የላክሁት ዩኤስዲቲ አልደረሰም» ብሎ እንደጻፈ፣ «የዋሌቱ ድጋፍ ሰጪ ነኝ» የሚል ሰው በውስጥ መስመር መጣበት። በላከለት ሊንክ «ዋሌትዎን ያረጋግጡ» በሚለው ገጽ 12ቱን ቃላት ሲያስገባ ገንዘቡ ወጣ። ቀጥሎ «እናስመልስልሃለን» የሚል ሌላ ሰው ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀው (በእኔ ግምት ያው ሌባ ነው)። በብሎክቼይን የጸደቀን ዝውውር ማንም አስመላሽ ነኝ ባይ ሊሰርዘው አይችልም።

ቃላቱን የሰጣችሁ ካላችሁ ስብሰባውን አትጠብቁ። ፒን መቀየር አይረዳም፤ ቃላቱን የያዘ ሰው ዋሌቱን በራሱ ስልክ ይከፍተዋል። በአዲስ ቃላት አዲስ ዋሌት ክፈቱና የቀረውን አሁኑኑ አዛውሩ። ለኔትወርክ ክፍያ ብላችሁ ወደ አሮጌው የምትልኩት ሳንቲም ግን የሌባው ፕሮግራም ወዲያው ሊጠርገው ይችላል።

ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ቃላቱ የተጻፉበት ወረቀት ቤት ይቅር፣ ለእኔም አታሳዩ። አዲስ አባላት ሊንክ እንዳይለጥፉ እንከልክል ወይስ አንከልክል የሚለውን እዚያው እንወስናለን። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ መልሱ፤ ከኮምቦልቻ የምትነሱ አብራችሁ እንድትመጡ ለይታችሁ ጻፉ።