ጉዳዩ፦ ስለ ተመለሱት የፈተና ወረቀቶችና አንዲት ተማሪ ለመምህሯ ስለ ጻፈችው ደብዳቤ

ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች
በያላችሁበት

ጤና ይስጥልኝ። የአጋማሽ ፈተና ወረቀቶች ባለፈው ሳምንት ለተማሪዎች ተመልሰዋል። በዚያው ሳምንት ቢሮዬ የመጡ ወላጆች ጥቂት አልነበሩም፤ አብዛኞቹም የነገሩኝ ተመሳሳይ ነው፦ «ልጄ መልሱን ጽፎ ሳለ ነጥብ ተከለከለ»። የትኛው ጥያቄ ላይ እንደሆነና ልጁ ምን ብሎ እንደ ጻፈ ስጠይቅ ግን ወረቀቱን ያየ አልነበረም። አንድ አባት ግማሽ ሰዓት ያህል ከተሟገቱኝ በኋላ ወረቀቱ ገና ከልጁ ቦርሳ እንዳልወጣ የነገሩኝ ተሰናብተው በሩ ላይ ሲደርሱ ነው።

በዚህ መሐል አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ለጂኦግራፊ መምህሯ የጻፈችውን ደብዳቤ አነበብኩ። እርሷ፣ ወላጆቿና መምህሩ ስለ ፈቀዱ ስሟን ትቼ አስፍሬዋለሁ። ፈተናው በእንግሊዝኛ የተሰጠ ስለሆነ ጥያቄውንና መልሱን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ጥያቄው ለድሬዳዋ ሰው እንግዳ አይደለም። «የደቻቱ ወንዝ ከተማው ውስጥ ዝናብ ሳይጥል ለምን ይሞላል? ሁለት ምክንያቶችን ከነማብራሪያቸው ጻፉ» ይላል፤ የያዘው 4 ነጥብ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የወሰደውን ጎርፍ ለምናስታውስ ሰዎች ጥያቄው የክፍል ጥያቄ ብቻ አይመስለንም። የእርማት መመሪያው ለእያንዳንዱ ምክንያት 1 ነጥብ፣ ለእያንዳንዱ ማብራሪያ ደግሞ 1 ነጥብ ይሰጣል። መምህሩ ወረቀቱን በመለሱ ዕለት መመሪያውን ሰሌዳ ላይ ጽፈውላቸዋል። ደብዳቤው እንዲህ ይነበባል፦

«ይድረስ ለመምህሬ፣

እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ስለ 14ኛው ጥያቄ ነው። ከ4 ነጥብ 2 አግኝቻለሁ። የጻፍኩት መልስ ይህ ነው፦ ‹ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ስለሚጥል። የደጋው ዛፍ ስለ ተቆረጠ ውሃው መሬት ውስጥ ሳይገባ ስለሚወርድ። ሰዎች ወንዙ ዳር ቤት ስለ ሠሩ።›

ሰሌዳ ላይ ከጻፉልን እንደ ተረዳሁት ያገኘኋቸው 2 ነጥቦች አንዱ ለዝናቡ፣ አንዱ ለዛፉ ነው። መመሪያው ለዛፉ ማብራሪያ ‹ኢንፊልትሬሽን ይቀንሳል› ይላል። እኔ ቃሉን አልጻፍኩም፤ ‹ውሃው መሬት ውስጥ ሳይገባ› ያልኩት ግን ያንኑ ለማለት ነበር። ቃሉ ራሱ ግዴታ ነው ወይስ ሐሳቡ ይበቃል? ሁለተኛ፣ ስለ ቤቶቹ የጻፍኩት ለምን እንዳልተቆጠረ አልገባኝም። ስሕተቱ የእኔ ከሆነ የቱ ላይ እንደሆነ ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል። ወረቀቱን አያይዣለሁ፤ ከተመለሰልኝ በኋላ ምንም አልጨመርኩበትም።

አክባሪ ተማሪዎ»

ልጅቷ «ነጥብ ይጨመርልኝ» አላለችም። የጥያቄውን ቁጥር፣ የጻፈችውን ቃል በቃልና መመሪያው የሚለውን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ የማይገጥምላትን ቦታ በጣቷ ጠቁማለች። «ብዙ አጥንቼ ነበር» ወይም «ጓደኛዬ 4 አግኝታለች» የሚል ነገር የለበትም። ከ100 በላይ ወረቀት አርሞ የደከመ መምህር እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰው ሊያየው የሚገባው ሁለት መስመር ብቻ ነው።

መምህሩ ወረቀቱን ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋር እንደገና አዩት። ስለ ቃሉ ባነሳችው ጥያቄ ልክ ነበረች። መመሪያው የሚፈልገው ዛፍ ሲጠፋ ወደ መሬት የሚሰርገው ውሃ እንደሚቀንስና ከላይ የሚፈሰው እንደሚበዛ መገለጹን ነው። እርሷ በቀላል ቃላት ብትለውም ብላዋለች። መምህሩ ሲያርሙ ዓይናቸው የሙያውን ቃል ፈልጎ ስላላገኘው አልፎታል፤ ይህንንም ሳያድበሰብሱ ጽፈውላታል። 1 ነጥብ ተጨመረላት።

ስለ ቤቶቹ ግን አልተጨመረላትም። ጥያቄው ሁለት ምክንያት ሲጠይቅ የሚታረሙት መጀመሪያ የተጻፉት ሁለቱ ናቸው። እንዲህ ባይሆን ኖሮ የሚያውቀውን ሁሉ ደርድሮ መምህሩን «አንተው ምረጥ» የሚል ተማሪ፣ አስቦ ከመረጠው ይበልጥ ነበር። ሌላም ምክንያት አለ። ወንዝ ዳር ቤት መሠራቱ ጎርፉ ለምን ብዙ ሰው እንደሚጎዳ ያስረዳል እንጂ ወንዙ ለምን እንደሚሞላ አያስረዳም። እውነት የሆነ ነገር መጻፍና የተጠየቀውን መመለስ የተለያዩ መሆናቸው ለተማሪዎቻችን በቀላሉ አይገባም። ለአንዳንድ ወላጆችም እንዲሁ።

የቀረው 1 ነጥብ የዝናቡ ማብራሪያ ነው። ከደንገጎ በኩል ያለው ደጋ ከከተማው በጣም ከፍ ያለ፣ ቁልቁለቱም የበረታ በመሆኑ ውሃው ተሰብስቦ በአጭር ጊዜ ይደርሳል፤ መመሪያው የጠበቀው ይህንን ነበር። ተማሪዋ «ደጋው ላይ» ብላ አቁማለች። ስትጠየቅ ቁልቁለቱን አሳምራ ተናገረች። መምህሩ ግን «ታውቂያለሽ፤ እኔ የማርመው ግን ወረቀት ላይ ያለውን ነው» አሏት። ከ4 ነጥብ 3 ሆነላት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የሙያውን ቃል ሳይጽፉ ሐሳቡን ያስቀመጡ ሌሎችም ሊኖሩ ስለሚችሉ የሁሉም ክፍሎች ወረቀት በዚህ ጥያቄ ብቻ እንደገና ታየ። አምስት ተማሪዎች ሳይጠይቁ 1 ነጥብ ተጨመረላቸው። በተቃራኒው «ኢንፊልትሬሽን» የሚለውን ቃል ብቻ ጽፎ፣ ይጨምር ይቀንስ ሳይናገር ነጥብ ያገኘ ወረቀትም ተገኘ። ስሕተቱ የእኛ ስለሆነ ያንን ነጥብ አልወሰድንም፤ በዚህ የማይስማሙ መምህራን አሉ፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም። ለወደፊቱ ግን መመሪያው ላይ «ሐሳቡ ካለ ያለ ቃሉም ይሰጥ፤ ቃሉ ብቻ ከሆነ አይሰጥ» የሚል መስመር ገብቷል።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ወረቀቱን ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩት። በመጀመሪያ ነጥቦቹን ደምሩ፤ የድምር ስሕተት ከሆነ ደብዳቤ አያስፈልገውም፣ ስም ጠሪ መምህሩ በዚያው ቀን ያስተካክሉታል። ጥያቄው ስለ አንድ መልስ አስተራረም ከሆነ ግን ልጁ ራሱ በእጁ ይጻፍ። አባት የጻፈለትን ደብዳቤ መምህራን ከመጀመሪያው መስመር ያውቁታል፤ ልጁም መልሱ ሲነገረው አይገባውም። ደብዳቤው ወረቀቱ በተመለሰ በ3 የትምህርት ቀናት ውስጥ ይድረስ፤ ውጤቱ ሮስተር ላይ ከገባ በኋላ ማስተካከል ብዙ ፊርማ ይጠይቃል። ከተመለሰ በኋላ በእስክሪብቶም ሆነ በእርሳስ የተነካካ ወረቀት አንቀበልም። እንደገና የታየ መልስ ነጥቡ ባለበት ሊቆይ እንደሚችልም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ለመምህራን በምሽት ስልክ መደወሉ ይቅር። በዚህ ሙቀት ሁለት ፈረቃ አስተምረው የገቡ ሰዎች ናቸው።

የቀሩት የሒሳብና የባዮሎጂ ወረቀቶች ሐሙስ ይመለሳሉ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ፈርማችሁ ሰኞ ጠዋት በልጃችሁ እጅ ላኩልን።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ድሬዳዋ