ገንዘብ መመለስ ሳንችል ስንቀር

ሰላም አባላት፣ «ጫማው ጠቦኛል፣ ብሬን መልሱልኝ» ለምትል ደንበኛ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብለን አንዝጋባት። ደንቡ ሳይነካ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ጫማው ስለጠበበዎት አዝናለሁ። ዕቃውን ከተረከቡ 7 ቀን ካለፈ ገንዘብ መመለስ አንችልም፤ ሒሳቡን ለአስመጪው ስለምናስተላልፍ ነው። ካልተራመዱበት ግን በ39 ቁጥር እንቀይርልዎታለን፤ ወይም በዚሁ ዋጋ ሌላ ዕቃ ይምረጡ። የቱ ይሻልዎታል?»

ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይብቃ፤ ሲረዝም ሰበብ ይመስላል። 39 ቁጥር መኖሩንም መጀመሪያ መደርደሪያው ላይ አረጋግጡ። «እንቀይራለን» ብሎ «አልቋል» ማለት እኮ ሰው ያስቆጣል።

ጫማው ተቀዶ ከደረሳት ወይም ሌላ ቁጥር ከተላከላት ግን ይህን መልእክት አትላኩ። ያኔ ብሯ ይመለስ፣ የማድረሻውም ጭምር።