ብሩ ተቆርጦ እኛ ጋ ካልገባ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን «ከኔ ተቆርጧል፣ እናንተ ጋ ለምን አልገባም?» የሚል ስልክ በዝቶብናል። ንዴታችሁ ይገባናል። የደከማችሁበት ብር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት ደንበኛችን ለመጋረጃ 4,800 ብር ከሌላ ባንክ ወደ ሒሳባችን አስተላለፈች። የመቀነሻው መልእክት ወዲያው ስልኳ ላይ ገባ። እኛ ጋ ግን ምንም የለም። እዚያው ባንኮኒው ላይ ቆማ ሃያ ደቂቃ ጠበቀች፣ ከዚያ ተጨንቃ ድጋሚ ላከች። ሁለተኛው በሰከንዶች ውስጥ ገባ፣ እሷ ግን 9,600 ብር ወጣባት።

የሆነው እንዲህ ነው። ከባንክ ወደ ባንክ ስትልኩ የእናንተ ባንክ መጀመሪያ ብሩን ይቀንሳል። ከዚያ «ይህን ያህል ለዚህ ሒሳብ አስገባ» የሚል ጥያቄ ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ወደ እኛ ባንክ ይሄዳል፤ የእኛ ባንክም ሲያስገባ «ገብቷል» ብሎ መልስ ይሰጣል። ኔትወርክ ተቋርጦ ወይም ሲስተም ተጨናንቆ ጥያቄው ወይም መልሱ መንገድ ላይ ከቀረ፣ ባንካችሁ ብሩ ይግባ አይግባ አያውቅም። ቸኩሎ ቢመልስላችሁ፣ ለካ ብሩ እኛ ጋ ገብቶ ከሆነ ሁለት ጊዜ ተከፈለ ማለት ነው። ስለዚህ ይይዘዋል። የሁለቱ ወገን መዝገብ እስኪመሳከር ድረስ ብሩ እናንተም ጋ እኛም ጋ ላይታይ ይችላል፣ ግን አልጠፋም። ማመሳከሩን ሰው ሲሠራው ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ አይቆጠሩም። የልጅቷም የመጀመሪያው 4,800 የተመለሰላት ማክሰኞ ጠዋት ነው።

ታዲያ ስንት ጊዜ እንጠብቅ? በእኛ ልምድ አብዛኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለይለታል፤ ወይ ይገባል ወይ ይመለሳል። ካልሆነ እስከ ቀጣዩ የሥራ ቀን ማታ ታገሡ። ሦስት የሥራ ቀን ካለፈ ግን ዝም አትበሉ። የላካችሁበት ባንክ ሄዳችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። የእኛ ባንክ ያላየውን ብር ሊፈልግላችሁ አይችልም፣ ቅሬታው መነሳት ያለበት ከላኪው በኩል ነው። የትራንዛክሽን ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ያዙ። መልእክቱን አታጥፉት፣ ቁጥሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አደራ፣ ድጋሚ ከመላካችሁ በፊት ደውሉልን። አንዳንዴ ብሩ ገብቶ የዘገየው መልእክቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ስልካችንን ብቻ ሳይሆን የባንክ ስቴትመንታችንን አይተን እንነግራችኋለን። በስክሪንሾት ብቻ ዕቃ የማናስረክበውም እናንተን ስለማናምን አይደለም፤ ስክሪንሾቱ የሚያሳየው መቆረጡን እንጂ መግባቱን ስላልሆነ ነው።

ብሩ እስኪለይለት ድረስ የመረጣችሁትን መጋረጃ በስማችሁ ጽፈን እናስቀምጣለን፤ ዋጋውም ባዘዛችሁበት ቀን ዋጋ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመጋረጃ ቤታችሁ ባልደረቦች