የቡድን ገለጻ ጥያቄ በስም ይቅረብ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የቡድን ገለጻ ሲያበቃ «ጥያቄ ያለው?» ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው መሪው ነው፤ ነጥቡን ግን ሁሉም እኩል ያገኛሉ። ጥያቄው ለእያንዳንዱ ተማሪ በስሙ ተጠርቶ ይቅረብ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለተሠራው የፋሲል ግንብ ጥገና፣ አንዱ ስለ ኖራው፣ ሌላዋ ስለ ዝናብ እርጥበት አቀረቡ እንበል። እሷን መጀመሪያ «ራስሽ ያጣራሽው የቱን ነው? እንዴት?» ቀጥሎ «ኖራው በሲሚንቶ ቢተካ ግድግዳው ውስጥ የገባው ውሃ ምን ይሆናል?» ብለን እንጠይቃት። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ እንደሚይዝ፣ ኖራ ግን በቀላሉ እንደሚያስወጣው ካስረዳች፣ የጓደኛዋንም ክፍል ተረድታለች። የሸመደደ ተማሪ የስላይዱን ዓረፍተ ነገር ይደግማል፤ በራስህ ቃል ሲባል ይቆማል። ዓይን አፋሩን ካላወቀው ጋር እንዳናምታታ ግን የማሰቢያ ደቂቃ እንስጥ፤ መሪውም ጣልቃ አይግባ።

አንድ መምህር፣ ከጎንደር