ቪዲዮዎቻችሁን ወደ አዲስ ኮዴክ ከመቀየራችን በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ከሃርድ ዲስካችሁ ጋር አንድ ዓይነት ጥያቄ እያመጣችሁልን ነው፦ «ቪዲዮው ቦታ ጨረሰብን፤ ጥራቱ ሳይነካ ግማሽ አድርጉልን።» ግማሽ ማድረጉ ብዙ ጊዜ ይቻላል። «ጥራቱ ሳይነካ» የሚለው ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ሥራው የሚፈጀው ጊዜም ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። ስለዚህ ዲስኩን ከማስረከባችሁ በፊት ይህን ደብዳቤ እንድታነቡልን እንለምናለን።

ብዙ የቆየ የቤት ቪዲዮ የተቀረፀው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው H.264 በተባለ ኮዴክ፣ ማለትም ቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ፣ ነው። ተከታዩ H.265፣ በሌላ ስሙ HEVC፣ የወጣው በ2013 ሲሆን ሲሠራ የታለመው ያንኑ ጥራት በግማሽ ቢትሬት፣ ማለትም ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ በሚወጣው ዳታ ግማሽ፣ ለመስጠት ነበር። አንዱ ዘዴው ቀላል ነው። የቀድሞው ኮዴክ ምስሉን የሚከፋፍለው ቢበዛ 16 በ16 ፒክሰል በሆኑ ካሬዎች ነው። አዲሱ እስከ 64 በ64 ድረስ መሄድ ይችላል። ባዶ ግድግዳን ወይም ሰማይን በአንድ ትልቅ ካሬ ይገልጸዋል፤ ፀጉርና ቅጠል ላይ ሲደርስ ደግሞ ካሬውን እየቆራረጠ ያሳንሰዋል። የትኛው አከፋፈል እንደሚያዋጣ ለማወቅ ግን ብዙ አማራጭ መሞከር አለበት። ጊዜው የሚሄደው እዚያ ላይ ነው።

«ግማሽ» የሚባለው ሲነገር የሚታሰበው ገና ያልተጨመቀ ምንጭ ነው። የእናንተ ፋይል ግን ካሜራው ውስጥ እያለ አንዴ ተጨምቋል። ያ ጭመቃ በምስሉ ላይ ትናንሽ የካሬ ጠርዞችና በነገሮች ዙሪያ የሚርመሰመስ ብዥታ ትቶ አልፏል። አዲሱ ኮዴክ ይህ ጉድለት እንደሆነ አያውቅም። ወይ የምስሉ አካል ነው ብሎ ዳታ ያወጣበታል፣ ወይ ከእውነተኛው ዝርዝር ጋር አብሮ ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ከቀየርነው በኋላ ከዋናው የተሻለ ምስል በፍጹም አይወጣም። የኛ ጥረት ልዩነቱ በተለመደው አተያይ እንዳይታወቅ ማድረግ ነው።

በዚህ ምክንያት ዲስክ ስንቀበል መጀመሪያ የምናየው ቢትሬቱን ነው። የፋይሉ ጠቅላላ መጠን ብቻውን ብዙ አይነግረንም። አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንይ።

ዲስካችሁ ላይ 300 ሰዓት ቪዲዮ አለ እንበል። 100 ሰዓቱ በካሜራ የተቀረፀ፣ 24 ሜጋቢት በሰከንድ የሚፈጅ ነው። ቀሪው 200 ሰዓት ድሮ የተሰበሰበ፣ 5 ሜጋቢት ብቻ የሚፈጅ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሜጋቢቱን በ3600 አባዝቶ ለ8 ማካፈል። የሚገኘው ሜጋባይት ነው፤ ለ1000 ሲካፈል ጊጋባይት ይሆናል። የካሜራው አንድ ሰዓት 10.8 ጊጋባይት ይሆናል፣ 100 ሰዓቱ 1080 ጊጋባይት። የሌላው አንድ ሰዓት 2.25 ጊጋባይት ነው፣ 200 ሰዓቱ 450 ጊጋባይት። በሰዓት ብዛት ሲሶ የሆነው ክፍል ከዲስኩ ሁለት ሦስተኛ በላይ ይዟል ማለት ነው። የሚጨመቅ ትርፍ ዳታ ያለውም እሱ ጋር ነው። በ5 ሜጋቢት ያለው አስቀድሞ ታሽቷል፤ እሱን ደግሞ ማሸት ቦታ የሚያተርፈው ጥቂት፣ ፊት ላይ የሚያመጣው ጉዳት ግን ቶሎ የሚታይ ነው። እኛ እሱን እንዳለ እንድትተዉት ነው የምንመክረው። ብዙ አዳዲስ ስልኮች ራሳቸው በ HEVC ስለሚቀርፁ የእነሱንም ቀረጻ ወደ HEVC መልሶ መቀየር ትርፉ ድካም ነው።

አሁን ወደ ጥራቱ። በቀን፣ በጥሩ ብርሃን የተቀረፀ ቪዲዮ እምብዛም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የማታው ነው። ክፍሉ ደብዘዝ ያለ፣ ብርሃኑ የሻማ፣ ከሰዎቹ ጀርባ ደግሞ ባዶ ግድግዳ ያለበትን ቀረጻ አስቡ። በዋናው ፋይል ግድግዳው ከብርሃን ወደ ጨለማ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ላዩ ላይም የካሜራው ጉርብጥብጥ ነጠብጣብ አለ። ያ ነጠብጣብ ቆሻሻ ቢመስልም የብርሃኑን ደረጃ የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ኮዴኩ ዳታ ለመቆጠብ መጀመሪያ የሚጠርገውም እሱን ነው። ነጠብጣቡ ሲጠረግ ግድግዳው ላይ ቀለበት ቀለበት የሚመስሉ ሰፋፊ እርከኖች ይወጣሉ። ሻማው ሲወላወል እርከኖቹም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። የሰው ጉንጭም የቆዳ መልኩን አጥቶ ሰም የተቀባ ይመስላል። ይህን አንዴ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አያይም። እርከኑን ለመቀነስ ዋናው 8 ቢት ቢሆንም ውጤቱን የብርሃንና የቀለም ደረጃዎችን ይበልጥ አቀራርቦ በሚይዘው በ10 ቢት እናወጣለን። ብዙ ይረዳል፣ ነገር ግን ዳታው በጣም ከተቆጠበ 10 ቢትም አያድነውም።

ስለዚህ ሙሉውን ዲስክ ከመንካታችን በፊት ከሁሉም የከፋውን አንድ ደቂቃ መርጠን እንሞክራለን። ጨለማ ያለበት፣ ካሜራው በእጅ ተይዞ የሚንቀጠቀጥበት፣ ሰው የሚንቀሳቀስበት ደቂቃ ይሁን። ቤታችሁ ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ ffmpeg በተባለው ቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ትእዛዙ ይኸው፦

```
ffmpeg -ss 00:12:30 -t 60 -i input.mp4 -an \
  -c:v libx265 -preset slow -crf 22 \
  -pix_fmt yuv420p10le test22.mkv
```

ዋናው ቁጥር `-crf` ነው። ሲያንስ ጥራቱም መጠኑም ይጨምራል፤ ሲበዛ ሁለቱም ይቀንሳሉ። በግምት 6 በጨመረ ቁጥር ፋይሉ ግማሽ ይሆናል። ምንም ካልተጻፈ x265፣ ማለትም ትእዛዙ የሚጠቀምበት የ HEVC መጭመቂያ፣ የሚወስደው 28 ነው፤ ለማኅደር ይህ ለኛ ዓይን በዝቷል። በምሳሌያችን አንዱ ደቂቃ 180 ሜጋባይት ነው። በ22 ወደ 80 ሜጋባይት ከወረደ በ28 ወደ 40 ገደማ ይወርዳል። 40ው ያጓጓል፤ ግድግዳው ላይ እርከን የሚታየውም ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። የከፋው ደቂቃ በ80 ሜጋባይት ካማረ የቀኑ ቀረጻ በዚሁ ቁጥር ከዚያም ያነሰ መጠን ይዞ ይወጣል። CRF መጠንን ሳይሆን ጥራትን ለማጽናት ስለሚሠራ፣ ለከባዱ ትዕይንት ብዙ ዳታ ይሰጣል፣ ለቀላሉ ይቀንሳል።

ሙከራውን የምታዩት ሁልጊዜ በምታዩበት ቴሌቪዥን፣ ክፍሉን ጨለም አድርጋችሁ ይሁን። የትኛው ፋይል የቱ እንደሆነ ሌላ ሰው ይደብቅላችሁ። ቪዲዮውን አቁማችሁ ፍሬም በፍሬም አትመርምሩ፤ ሲንቀሳቀስ የሚታየውን እዩ። VMAF የሚባለውን የጥራት መለኪያ እኛም እንጠቀምበታለን። የሙሉ ቪዲዮ አማካይ ነጥብ ግን ሊያታልል ይችላል፤ የሁለት ደቂቃ ጨለማ ትዕይንት ቢበላሽ በአንድ ሰዓት አማካይ ውስጥ ይጠፋል።

ጊዜውን ለማወቅም ይኸው ሙከራ ይበቃል። ፕሮግራሙ እየሠራ እያለ በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሚጨርስ ስክሪኑ ላይ ያሳያል። ቪዲዮው 30 ፍሬም ሆኖ ኮምፒውተሩ 15 ካሳየ፣ አንዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። 100 ሰዓቱ 200 ሰዓት ይወስዳል፤ ሌት ተቀን ሳያቋርጥ ከስምንት ቀን በላይ። በዚህ ወደ 600 ጊጋባይት ይለቀቃል። ያንን ዝቅተኛ ቢትሬት ያለውን 200 ሰዓት ብንጨምርበት ሌላ ከ16 ቀን በላይ ያስፈልጋል፤ ቢለቀቅ ግን ምናልባት 100 ጊጋባይት ነው። ኤሌክትሪኩንም አትርሱት። ማሽኑ ሥራ ላይ ሲሆን 100 ዋት ተጨማሪ ከወሰደ 200 ሰዓቱ 20 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንዳንድ ደንበኞቻችንን ቁጭ ብለን አስልተን «ትልቅ ዲስክ ግዙና ዋናውን እንዳለ አስቀምጡ» ብለን የምንመልሳቸው ለዚህ ነው። ሥራው ቢያልፈንም ትክክለኛው ምክር እሱ ነው።

«በግራፊክስ ካርዱ አይፈጥንም ወይ?» የምትሉ አላችሁ። ይፈጥናል፣ ያውም በብዙ እጥፍ። ነገር ግን ካርዱ የሚፈጥነው በከፊል አማራጮችን በጥልቀት ስለማይፈትሽ ነው። ያንኑ መልክ ለማግኘት ተለቅ ያለ ፋይል ይፈልጋል፣ ስለዚህ የመጣችሁበትን ቁጠባ በከፊል ይበላዋል። ዳግም ለማይቀረፅ የቤተሰብ ቪዲዮ በፕሮሰሰሩ ቀስ ብሎ መሥራቱን እንመርጣለን። ለስክሪን ቅጂና ለመሳሰሉት ካርዱ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው AV1 የተባለ ኮዴክ ከ HEVC ይበልጥ ሊቆጥብ ይችላል። ቴሌቪዥናችሁና ስልካችሁ በሃርድዌር መክፈት መቻላቸውን ግን አስቀድመን በናሙና ፋይል እናረጋግጣለን፤ ካልቻሉ ቪዲዮው ይቆራረጣል ወይም ጭራሽ አይከፈትም።

ጥራቱ ደህና ሆኖ ሌላ ነገር የሚበላሽበት ጊዜም አለ። ሁለተኛ የድምፅ ትራክ ሳይገለበጥ ይቀራል። ሰፊ የብርሃን ልዩነት በሚይዘው በ HDR የተቀረፀ ቪዲዮ የቀለም መረጃው ከጠፋ አመድ የመሰለ ይሆናል። የድሮ ካሜራ ቀረጻ ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከተቆራረጠ፣ ካሜራው ተራ በተራ የቀረፃቸው የምስሉ መስመሮች በትክክል ሳይዋሃዱ ተቀይረዋል ማለት ነው። የፋይሉ ቀንም የዛሬ ይሆንና የዓመታት ቅደም ተከተል ይዘበራረቃል። እኛ ድምፁን ሳንነካ እንዳለ እንገለብጣለን፣ ቀኑንም ከዋናው ወስደን እንመልሳለን። ከዚያ ርዝመቱን ከዋናው ጋር አስተያይተን ፋይሉን እስከ መጨረሻው እናስነብበዋለን፦

```
ffmpeg -v error -i output.mkv -f null -
```

ምንም ጽሑፍ ካልወጣ የሚነበብ ፋይል ነው። ይህ ግን ምስሉ ማማሩን አይነግረንም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው እየከፈትን በዓይናችን እናያለን።

ዲስካችሁን ስታመጡ ሁለት ነገር አብራችሁ ጻፉልን። አንደኛ፣ ቪዲዮውን በምን ላይ እንደምታዩት፣ ከተቻለ የቴሌቪዥኑን ሞዴል። ሁለተኛ፣ ከሁሉም በላይ የምትሳሱለትንና በጨለማ የተቀረፀውን ፋይል ስም። እኛ የዚያን ፋይል አንድ ደቂቃ በሦስት የ CRF ቁጥር አዘጋጅተን እንልክላችኋለን፤ የሚፈጀውን ቀንና የሚለቀቀውን ቦታም እንጽፍበታለን። ቁጥሩን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ከተረከባችሁ በኋላም አዲሶቹን ፋይሎች በቤታችሁ አይታችሁ በጽሑፍ እስክታሳውቁን ድረስ ከዋናው ቅጂ አንድም ፋይል አናጠፋም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቪዲዮ ማኅደር ክፍል