ለአርባ ሲደመር አንዱ ወዳጄ

ወንድሜ እንደምን ከርመሃል? እማማ ደህና ናቸው? እህትህ ወለደች ሲሉ ሰምቼ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ማርያም ታሳድግላት። ስለ መጥፋቴ ብዙ አልልም። ጠፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ። አንተም ጠፍተሃል፤ ስንገናኝ እንወቃቀሳለን። አሁን ግን ሌላ ጉዳይ አለኝ።

ላገባ ነው። አዎ፣ እሷኑ። ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ አልቋል። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ቀኑን እነግርሃለሁ። ደስታዬን ልጽፍልህ ብቀመጥም እጄ የሚሄደው ወደ ጭንቀቴ ነው። የልጅቷ አባት አጫሽ ነው ብለው ጠርጥረውኛል። እኔን! ያንተን ሲጋራ እየነጠቅሁ የምጥለውን ሰው!

እንዴት መሰለህ። ስለ ድግሱ ልንመካከር እነሱ ቤት ተሰብስበናል። አባቷ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ከእናንተ በኩል አርባ ሰው ይበቃል አሉ። ጥሩ ነው ብዬ ዝም ልል ነበር። አንተ ትዝ አልከኝ። ከሩቅ ስለምትመጣ ከአርባው ውስጥ ማንም ላይቆጥርህ ይችላል። ስለዚህ «አርባ ሲደመር አንድ ይሁንልኝ» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

ወንድሟ ደግሞ የሊቨርፑል ደጋፊ ነው። ታውቀዋለህ፤ ፈረንጅ አራዳ ኳስ ስናይ ሁልጊዜ ከኋላ ቆሞ የሚጮኸው። አርባ ሲደመር አንድ ስል ዝም ይላል ብለህ ታስባለህ? ወዲያው «እዚያ ቤት ምን እያጨሱ ነው?» ብሎ ፈነዳ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ግራ ገብቷት ፈገግ አለች። አባቷ ግን አልሳቁም። በማግስቱ አጎቴን ጠርተው «ልጁ የሚያጨሰው ሲጋራ ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለ?» ብለው ጠየቁት። አጎቴ ደግሞ የኳስ ነገር አይገባውም፤ «እኔ አላየሁም» ብሎ መጣ። አስበው፣ አላየሁም ነው ያለው! አያጨስም ቢል ምን ነበረበት?

ወንድሟ ደንግጦ ቀልድ ነው ብሏቸዋል። ቀልድ መሆኑን መንገር ግን ምንም አይጠቅምም። ሰውየው የፈለጉት ምኑ ላይ እንደሚያስቅ ማወቅ ነው። ስለዚህ ራሴ ሄድኩ። አጂፕ አካባቢ ያለው የቡና መጋዘናቸው በር ላይ ወንበር ሰጡኝና «እሺ፣ አስረዳኝ» አሉ። እንዴት እንዳስረዳኋቸው ልንገርህና የሳትኩት ካለ ትነግረኛለህ። ይሄን ነገር ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያን ሰሞን አብረን ነው የተቃጠልነው።

የእኛ አርሰናል ሊገዛው ከፈለገው ከስዋሬዝ ጀመርኩ። በ2013 በፈረንጆቹ፣ በእኛ የ2005 ሐምሌ መሆኑ ነው፣ ሊቨርፑል ውስጥ ሉዊስ ስዋሬዝ የሚባል የኡራጓይ አጥቂ ነበር አልኳቸው። በዚያ የውድድር ዓመት በሊጉ 23 ጎል አግብቷል። ሚያዝያ ላይ የቼልሲውን ኢቫኖቪችን ክንድ ነክሶ 10 ጨዋታ ተቀጥቷል። እዚህ ላይ አስቆሙኝ። «ሰው ነክሶ?» አሉ። አዎ አልኩ። «እና ይሄንን ልትገዙ?» አሉ። ምን ልበል፣ በጣም ጎበዝ ነው አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀጥሎ የእኛን ሁኔታ ነገርኳቸው። ይሄን ካልነገርካቸው ቀልዱ አያስቅም። አርሰናል ከ2005 በፈረንጆቹ ጀምሮ አንድ ዋንጫ አላነሳም። አሠልጣኛችን ቬንገር ገንዘብ አያወጣም ተብሎ ስማችን ጠፍቷል። ከዚያ በፊት የአርባ ሚሊዮን ግማሹን እንኳ ለአንድ ተጫዋች አውጥተን አናውቅም። በዚያ ክረምት እስከዚያ ድረስ የመጣልን ሳኖጎ ብቻ ነበር፤ እሱም በነፃ። በየካፌው የሚያገኘን ሁሉ «ዘንድሮስ ማንን ልትለምኑ ነው?» ይለን እንደነበር አንተ አትረሳውም።

እንግዲህ የስዋሬዝ ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ እንዳለ አርሰናሎች ሰሙ። ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሚያቀርብ ክለብ ከመጣ የሚል ነው። መጀመሪያ ወደ 30 ሚሊዮን ገደማ ጠይቀው ተባረዋል። አሁን ግን በላይ የሚለውን ቃል ያዙና በቁጥር 40,000,001 ፓውንድ አቀረቡ። አርባ ሚሊዮን፣ ሲደመር አንድ ፓውንድ።

አባቷ እዚህ ጋ ያሉትን መቼም አልረሳውም። ዝም ብለው አሰቡና «ይሄማ ስድብ ነው» አሉ። ለምን አልኳቸው። «እኔ ቡናዬን ከዚህ ዋጋ በታች አልሸጥም ብዬ ለአንድ ሰው በምስጢር ብነግረው፣ በማግስቱ ሌላ ነጋዴ መጥቶ ከዚያችው ዋጋ ላይ አንድ ብር ጨምሮ ቢሰጠኝ፣ ጉዳዩ ብሩ አይደለም። ምስጢርህን አውቄዋለሁ እያለኝ ነው። በዚያ ላይ ከአንዲት ብር በላይ አታወጣም ብሎ ንቆኛል» አሉኝ። ወንድሜ፣ ስንት ዓመት ስንስቅበት ኖረን እንዲህ አድርጎ የገለጠው ሰው አላጋጠመኝም። ሊቨርፑሎችን ያበገናቸው ይሄው ነው። አንድ ፓውንዷ ከአርባ ሚሊዮኑ በላይ የጮኸችው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወደ ማጨሱ መጣሁ። የሊቨርፑል ባለቤት ጆን ሄንሪ አሜሪካዊ ነው። ዋጋው እንደደረሰው ሐምሌ ላይ ትዊተር ገጹ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ እዚያ ኤምሬትስ ምን እያጨሱ ይመስላችኋል? ኤምሬትስ የኛ ስታዲየም ነው አልኳቸው። አብደዋል ወይ ማለቱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሊቨርፑል ደጋፊ አርባ የሚል ቁጥር ከሰማ ይሄንኑ ይመልሳል። ወንድሟም ስለ እኔ ሲጋራ አይደለም ያወራው፤ ስለዚያ ክረምት ነው።

«እሺ» አሉ። «ውሉ ላይ ካለ ለምን አልሸጡም?» እኔ የፈራሁት ጥያቄ ይሄ ነበር፤ እሳቸው ግን ነጋዴ ናቸው፣ አያልፉትም። አንቀጹ ምን ይላል በሚለው ላይ ነው የተጣሉት አልኳቸው። ተጫዋቹ መሸጥ አለብኝ አለ። ሊቨርፑሎች ደግሞ ከ40 ሚሊዮን በላይ ከመጣ ለልጁ እንነግረዋለን፣ እንነጋገራለን እንጂ የግድ እንሸጣለን አይልም አሉ። የተጫዋቾች ማኅበር ሰዎችም በቅን ልቦና መነጋገር ነው የሚለው ብለው ነበር። እና ስዋሬዝ ቀረ። ከወራት በኋላ ግን፣ በፈረንጆቹ መጋቢት 2014 አካባቢ፣ ያው ጆን ሄንሪ አሜሪካ አንድ ስብሰባ ላይ ተነስቶ የ40 ሚሊዮን የመልቀቂያ ዋጋ ነበረው፣ እኛ ግን አንሸጥም ብለን ወሰንን ብሎ ተናገረ። ያን ቀን እንዴት እንደተናደድክ ታስታውሳለህ? ስልኩን ልትሰብረው ነበር።

አባቷ በዚህ አልሳቁም። «ውል ካለ ውል ነው» ብለው ተቆጡ። አርሰናልን ደግፈው መቆጣታቸው ትንሽ ልቤን አሳረፈው መሰለኝ። ግን ያሰብኩት ጋ አላደረሰኝም። ምክንያቱም ቀጥለው «እና አንተ በዚህ ተበድለህ ሳለ ለምን ራስህ ሲደመር አንድ ትላለህ?» አሉኝ። የተበደለ ሰው በበደሉ ለምን ይቀልዳል ነው ነገሩ። እዚህ ላይ ደርቄ ቀረሁ። መልሱ ያለው ከዚያ በኋላ ባለፈው ነገር ውስጥ ነው፣ እሱን ደግሞ ለማያውቅ ሰው መናገር ይከብዳል።

ስዋሬዝ ቀርቶ ምን አደረገ? በ33 ጨዋታ 31 ጎል። አንዷም ፍጹም ቅጣት ምት አይደለችም። እኛ ደግሞ በመጨረሻው ቀን ኦዚልን ከማድሪድ አምጥተን ጨፈርን። ከዚያ በእኛ የካቲት 1 ቀን 2006፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ። አንተ ውሃ ልግዛ ብለህ ወጥተህ ስትመለስ 4 ለ 0 ተመርተን ነበር። በ20 ደቂቃ! ስክርትል ሁለት፣ ስተርሊንግ አንድ፣ ስተሪጅ አንድ። ስዋሬዝ ራሱ አላገባም፤ አየር ላይ የመታት ኳስ ከቋሚው ተጋጭታ ስትመለስ ቤቱ በሙሉ ቆመ። አምስተኛውን ስተርሊንግ ጨመረ። የእኛን አንዷን በፍጹም ቅጣት ምት ያገባው አርቴታ ነው፣ ዛሬ የሚያሠለጥነን ያው ሰው። ስንወጣ የአሁኑ አማቼ፣ ያኔ ከኋላ የሚጮኸው ልጅ፣ በሩ ላይ ቆሞ «5 ሲደመር 1» አለን። አንተ ምንም ሳትል የሻይህን ሂሳብ ከፈልክና አንድ ብር ጨምረህ በእጁ አስያዝከው። እሱ ሳቀ። እኛም ሳቅን። በስምንተኛው ቀን በኤፍኤ ካፕ 2 ለ 1 አሸነፍናቸው፣ ግንቦት ላይ ሃልን 3 ለ 2 ረትተን ያን ዋንጫ አነሳን። ቀልዱ የኛ የሆነው በዚያች ብር ነው። ከዚያ ወዲህ ሻይ ቢሆን ባጃጅ ቢሆን አንድ ብር ካልጨመርን የተከፈለ አይመስለንም።

ይሄን ለአባቷ ብነግር ያምኑኛል? ስለ ራሴ ጉዳይ የምናገር ነው የሚመስለው። አንተን ግን ያከብሩሃል። አባትህ በሕይወት ሳሉ አብረው ቡና ይሠሩ ስለነበር አሁንም «የእገሌ ልጅ» እያሉ ይጠይቁኛል። አንተ ከነገርካቸው ያልቃል። እሷም ብትሰማው ደስ ይለኛል። ከጓደኞቻችን ጋር ስንስቅ ዳር የቀረች ትመስላታለች፤ ይሄ ደግሞ ከአባቷ ጥርጣሬ ይልቅ ያሳስበኛል። አንድ ቀን «እናንተ እኮ ስታወሩ ራሱን የቻለ አገር አላችሁ» አለችኝ። ሚስቴ ልትሆን ነው፤ ከዚያ አገር ውጭ እንድትቀር አልፈልግም።

ሚዜነቱን... እንግዲህ በደብዳቤ መጠየቅ ነውር ይሆን? ጠየቅሁህ። ሌላ ሰው አላሰብኩም። ፈቃድ ከሥራ ቶሎ ጠይቅ፤ ከሰርጉ ሁለት ቀን ቀድመህ ብትደርስ አባቷ ጋ አብረን እንሄዳለን። የአንፊልዱን ነገር ከአንተ አፍ ይስሙት፣ የሻይ ሂሳቡን አትዝለልባቸው። ወንድሟም ይመጣል፣ ብሯን አሁንም ይዣታለሁ ይላል። አላምነውም፤ ግን ይዟት ቢመጣ ለአባቷ ማስረጃ ይሆነናል።

የድሮው ስልክህ አይሠራም፤ አዲሱን ላክልኝ። ለሱፍህ ልክህንም ጨምርበት፤ ልብስ ሰፊው ከሰኞ በፊት ይፈልገዋል።

ወንድምህ፣ ከጅማ