ከደረሰኝ ዝርዝር ወደ ተከፋይ ድምር

ለሂሳብ ክፍል አባላት፣

ከስካን የወጣው የደረሰኝ ዝርዝር እንዳለ አይደመርም። አንድ ሠራተኛ በግል መኪናው ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ደርሶ፣ አንድ ሌሊት አድሮ በማግሥቱ ማታ 3 ሰዓት ተመለሰ እንበል። የቀን አበሉ 900 ብር፣ የኪሎ ሜትር ተመኑ 12 ብር ነው።

ድርሻው ቁርስ 10፣ ምሳ 25፣ እራት 25፣ መኝታ 40 በመቶ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ቀን ሙሉ 900 ይታሰባል። በሁለተኛው ቀን መኝታ የለም፤ ምሳውን ጋባዡ መሥሪያ ቤት አብልቶታል። የሚቀረው 35 በመቶ፣ 315 ብር ነው። አበሉ በድምሩ 1,215 ይሆናል።

ጌጁ 274 ኪሎ ሜትር ካሳየ 3,288 ብር ነው። የ2,400 ብሩ የነዳጅ ደረሰኝ ይውጣ፤ ተመኑ ነዳጁን ይዟል። የምግቡም ደረሰኝ እንዲሁ፣ አበል ተከፍሎበታል።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የኅትመቱ ደረሰኝ ነው። ስካኑ 500፣ ቫት 75 እና ጠቅላላ 575 ብሎ ሦስት መስመር ያወጣል፤ ሲደመር 1,150 ይመጣል። የሚያዘው 575 ብቻ ነው። ከመኪና ማቆሚያው 60 ጋር 635 ይሆናል።

ድምሩ 5,138 ነው። የወሰደው ቅድሚያ 4,000 ሲቀነስ 1,138 ብር ይከፈለዋል። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ቀኑን በፈረንጅ ስለሚያትም፣ ከጉዞ ትእዛዙ ጋር ስታመሳክሩ ቀይሩት።